የተደገመ ባንድ ምንድን ነው?

ዌስተርን ብሎት በናሙና ውስጥ ያለን ፕሮቲን ለይቶ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ዘዴ ነው፤ በምስሉ ላይ የሚታዩት ጥቁር ሰረዞች ባንድ ይባላሉ። እያንዳንዱ ባንድ የሚፈለገው ፕሮቲን በአንድ ናሙና ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ያመለክታል። የአንዱ ናሙና ባንድ ተቀድቶ የሌላ ናሙና ውጤት ተብሎ ሲቀርብ የተደገመ ባንድ እንለዋለን።

«ባንድ ሁሉ ይመሳሰላል» የሚል መከራከሪያ ወዲያው ይነሳል። እውነት አለው፤ ሁለት ወፋፍራም ሰረዞች ቢመሳሰሉ አይገርምም። ስለዚህ ልምድ ያለው መርማሪ ከባንዱ ይልቅ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ያያል፦ ነጠብጣቡን፣ ጭረቱን፣ የጀርባውን ሻካራነት። እነዚህ በአጋጣሚ የሚፈጠሩ ስለሆኑ በሁለት ቦታ አንድ ዓይነት ሆነው አይገኙም።

ስድስት ናሙናዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ምስል አለን እንበል። የሁለተኛው ባንድ ግራ ጫፍ ቀጥኖ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ ከሥሩ በግራ በኩል አንዲት ነጠብጣብ አለች። የአምስተኛው ደግሞ ቀኝ ጫፉ ቀጥኖ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ ነጠብጣቧም በቀኝ በኩል ናት። አምስተኛውን ቆርጠን እንደ መስታወት ምስል እንገለብጠውና ሁለተኛው ላይ እናስተኛዋለን። ከዚያ ImageJ በተባለው ፕሮግራም አንዱን ከሌላው እንቀንሳለን። ባንዱም ነጠብጣቧም ጠፍተው የቀረው ሙሉ ጥቁር ከሆነ ሁለቱ አንድ ምስል ናቸው። ሳይገለበጥ የተደገመ ባንድ ፋይል ከማምታታት ሊመጣ ይችላል። የተገለበጠው ግን፣ በእኔ ግምት፣ እጅ ሳይገባበት አይሆንም።

ቅጥል ሌላ ነው። ከተለያዩ ቦታዎች የተቆረጡ የናሙና ዓምዶች ጎን ለጎን ሲገጣጠሙ የጀርባው ግራጫነት በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ በድንገት ይቀየራል። በተራ ዓይን ላይታይ ይችላል፤ የምስሉን ንጽጽር ከፍ ስናደርገው ግን ስፌቱ ብቅ ይላል። መቀጠል በራሱ ጥፋት አይደለም፤ መጋጠሚያው ላይ መስመር ተሰምሮ በመግለጫው ከተነገረ ብዙ መጽሔቶች ይቀበሉታል።

በማይክሮስኮፕ ምስሎች ላይ የሚያጋልጠው ጠርዙ ነው። «ያልታከመ» በተባለው ምስል ቀኝ ጠርዝ ያሉት ሕዋሳት «በታከመው» ግራ ጠርዝ ላይ በዚያው አቀማመጥ ከተገኙ፣ ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ናሙና ነው።

በ2016 የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዋ ኤሊዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ ከ20 ሺህ በላይ ሳይንሳዊ ጽሑፎችን በዓይን መርምረው 3.8 በመቶው ውስጥ ችግር ያለበት ምስል አግኝተዋል። ዓይን ግን ወሰን አለው። ምስሉ በጄፔግ ክፉኛ ሲጨመቅ የጀርባው ሻካራነት ይለሰልሳል፤ በስምንት በስምንት ፒክስል የተከፈሉ አራት ማዕዘኖችም ይታያሉ፤ ጀማሪ ስፌት ያገኘ ይመስለዋል። እንዲህ ባለው ምስል ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ደራሲዎቹን ያልተቆረጠውንና ያልተጨመቀውን ዋና ቅጂ መጠየቅ ነው።