የሁለተኛ ወር የኪራይ ማሳሰቢያ ደብዳቤ ምንድን ነው?

ተከራይ ለሁለተኛ ተከታታይ ወር ኪራይ ሲያዘገይ አከራዩ የሚጽፍለት አጭር ደብዳቤ ነው። ስንት እንደቀረ፣ የየትኛው ወር እንደሆነና እስከ መቼ መከፈል እንዳለበት ይናገራል። ከዚያ በላይ ብዙ አይናገርም፣ መናገርም የለበትም።

የመጀመሪያው ወር ሲዘገይ ስልክ መደወል ወይም ሁለት መስመር መልእክት መላክ ይበቃል። ሰው ይረሳል፣ ደሞዝ ይዘገያል፣ የላኩት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለተኛው ወር ላይ ግን ነገሩ መርሳት አይደለም። ወይ የተከራዩ ገቢ ላይ አንድ ነገር ደርሷል፣ ወይ በቤቱ ጉዳይ ቅር ብሎት ገንዘቡን ይዟል፣ ወይ ደግሞ ሁለታችሁ የያዛችሁት ሒሳብ አይገጥምም። ይሄ የመጨረሻው ሰው ከሚያስበው በላይ ያጋጥማል፤ ለዚህም ነው ደብዳቤው ከሁሉ በፊት ሒሳብ መሆን ያለበት።

ከልቀቅ ማስጠንቀቂያ ጋር አታምታቱት። የልቀቅ ማስጠንቀቂያ ሕጋዊ ወረቀት ነው፣ በየአገሩ የራሱ ቅርጽና የራሱ የቀን ገደብ አለው፣ አንድ ነገር ከጎደለውም ዋጋ ላይኖረው ይችላል። ማሳሰቢያው ከዚያ በፊት የሚመጣ ነው። ውሉን አያፈርስም፣ ማንንም አያስወጣም። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ የሚቀላቅል አከራይ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል፦ ተከራዩ ይደነግጥና ማውራት ያቆማል፣ ወረቀቱም እንደ ሕጋዊ ማስጠንቀቂያ አይቆጠርም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የወር ኪራዩ 8,000 ነው፣ ወር በገባ በ1 ይከፈላል። ተከራዩ በመስከረም 12 ላይ 3,000 ከፈለና "ቀሪውን አመጣለሁ" አለ። ቀሪው አልመጣም። ጥቅምት 1 አለፈ፣ ምንም አልገባም። አከራዩ ተናዶ "የሁለት ወር ኪራይ አለብህ" ብሎ ይጽፋል። ስህተቱ እዚህ ነው። የሁለት ወር ኪራይ 16,000 ነው፣ እውነተኛው ውዝፍ ግን ከመስከረም 5,000፣ ከጥቅምት 8,000፣ በድምሩ 13,000 ነው። ተከራዩ ደብዳቤውን ሲያነብ መጀመሪያ የሚያየው የከፈለው 3,000 እንደተካደ ነው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ 3,000ው ይሆናል፣ 13,000ው ይረሳል።

ስለዚህ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት የባንክ መግለጫችሁን ከመስከረም ጀምሮ መስመር በመስመር እዩት። በተለይ ስሙን የማታውቁት ሰው ያስገባው ገንዘብ ካለ ቆም በሉ። ተከራዮች በባለቤታቸው፣ በወንድማቸው ወይም በመሥሪያ ቤታቸው ሒሳብ በኩል ይልካሉ፣ እናንተ ጋ ሲደርስ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ገንዘብ ሆኖ ይቀመጣል። በእጅ የተቀበላችሁት ካለም የሰጣችሁትን ደረሰኝ ቅሪ አውጡ። ውሉንም ክፈቱ፦ የክፍያ ቀኑ ስንት ነው፣ ከዚያ በኋላ የተፈቀደ የእፎይታ ቀን አለ ወይ፣ የመዘግየት ቅጣት ተጽፏል ወይ? እፎይታው 5 ቀን ከሆነና እናንተ በ3 ላይ ከጻፋችሁ ተከራዩ ገና አልዘገየም። ቅጣት በውሉ ከሌለ ደግሞ ደብዳቤው ላይ አታምጡት።

ሒሳቡ ከጠራ በኋላ ደብዳቤው እንዲህ ይመስላል፦

"ቀን፦ ጥቅምት 8
ይድረስ ለአቶ …
ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ የመስከረምና የጥቅምት ኪራይን ይመለከታል

በውላችን መሠረት ኪራዩ ወር በገባ በ1 የሚከፈል ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ያለው ሒሳብ የሚከተለው ነው። የመስከረም ኪራይ 8,000፣ በመስከረም 12 የከፈሉት 3,000፣ ቀሪ 5,000። የጥቅምት ኪራይ 8,000፣ እስካሁን አልተከፈለም። ጠቅላላ ውዝፍ 13,000።

ይህን ገንዘብ እስከ ጥቅምት 18 ድረስ በተለመደው የባንክ ሒሳብ እንዲያስገቡልኝ እጠይቃለሁ። ከዚህ ደብዳቤ በፊት ከፍለው ከሆነ ወይም ሒሳቡ የተሳሳተ ከመሰለዎት ደረሰኙን ይላኩልኝ፣ አስተካክላለሁ። በአንድ ጊዜ ለመክፈል ካልቻሉ ከጥቅምት 18 በፊት ያነጋግሩኝ፤ በምን ያህልና በየትኛው ቀን መክፈል እንደሚችሉ ይዘው ይምጡ። ከፊል ክፍያ ብቀበል ቀሪውን ትቻለሁ ማለት አይደለም።

ከሰላምታ ጋር"

ደብዳቤው ይሄው ነው፣ አንድ ገጽ አይሞላም። እያንዳንዱ ወር ለብቻው ተቀምጧል። የተከፈለው ከነቀኑ ታምኖለታል። የመጨረሻው ቀን "በአስቸኳይ" ወይም "በቅርቡ" ሳይሆን በቁጥር የተጻፈ ቀን ነው፤ አስቸኳይ ለአንዱ ነገ ነው፣ ለሌላው የወሩ መጨረሻ። 10 ቀን የተሰጠው ደግሞ በአንድ በኩል ገንዘብ ለማፈላለግ እንዲበቃ፣ በሌላ በኩል የኅዳር ኪራይ ሳይደርስ መልስ እንዲገኝ ነው። ኅዳር 1 ዝም ብሎ ከደረሰ ውዝፉ 21,000 ይሆናል፣ እዚያ ላይ ብዙ ተከራይ ተስፋ ቆርጦ ስልክ ማንሳት ያቆማል።

ስለ ከፊል ክፍያ የተጻፈችውን አጭር ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ ተከራዩ 8,000 አስገባ እንበል። እሱ "የጥቅምትን ከፈልኩ" ብሎ ያስባል። እናንተ 5,000ውን ለመስከረም፣ 3,000ውን ለጥቅምት ትጽፋላችሁ። ሁለታችሁም 5,000 ቀርቷል ትላላችሁ፣ በዚያ ወር ምንም ጠብ የለም። ጠቡ የሚመጣው ቆይቶ ነው፣ "የትኛው ወር ነው ያልተከፈለው? ከመቼ ጀምሮ?" ሲባል። በብዙ አገር ሕግ ከፋዩ በሚከፍልበት ጊዜ ለየትኛው ዕዳ እንደሆነ የመናገር መብት አለው፤ ዝም ካለ ግን ብዙ ጊዜ ለቆየው ዕዳ ይያዛል። ስለዚህ ገንዘቡ እንደገባ በዚያው ቀን "8,000 ደርሶኛል፤ 5,000 ለመስከረም፣ 3,000 ለጥቅምት ይዣለሁ፣ የጥቅምት ቀሪ 5,000 ነው" ብላችሁ ጻፉለት። ሌላም ነገር አለ። አከራይ ዘግይቶ የሚመጣን ገንዘብ ወር በወር ያለ አንዳች ቃል የሚቀበል ከሆነ፣ በአንዳንድ አገር ፍርድ ቤት የክፍያ ቀኑን ራሱ እንደተወው ሊቆጥርበት ይችላል። ደብዳቤው አልተውኩም የሚለው ማስረጃችሁ ነው።

አሁን የማይጻፈውን እንይ። ውኃና መብራት አቋርጣለሁ፣ ቁልፍ እቀይራለሁ፣ ዕቃህን አወጣለሁ የሚል ነገር አይጻፍም። በብዙ ቦታ ይህን ማድረግ ሕገወጥ ነው፣ ውዝፍ ቢኖርም። ጽፋችሁ ከሰጣችሁት ደግሞ ጥፋተኛው እናንተ ትሆናላችሁ፣ ማስረጃውንም በገዛ እጃችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። ለጎረቤት ወይም ለመሥሪያ ቤቱ እናገራለሁ ማለትም እንደዚያው ነው። ዋስ ካለ ይለያል፤ ውሉ ላይ የፈረመ ዋስ የደብዳቤው ግልባጭ ሊደርሰው ይገባል፣ ቶሎ ማወቁም ለሁሉም ይጠቅማል። ለመያዣ የተቀመጠውን ገንዘብም በውዝፉ አታቻችሉ። መያዣው በተለምዶ ቤቱ ሲለቀቅ ለሚገኝ ጉዳትና ቀሪ ዕዳ የተቀመጠ ነው፣ አሁን ከበላችሁት በኋላ የሚጠብቃችሁ ነገር የለም።

ስለ አነጋገሩም ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ። ሁለት ወር የዘገየ ተከራይ በአብዛኛው ጭንቀት ላይ ያለ ሰው ነው። "እንዴት እንዲህ ታደርገኛለህ፣ እኔም ልጆች አሉኝ" የሚል ደብዳቤ ገንዘብ አያመጣም፣ እፍረት ብቻ ይጨምራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ይደበቃል። ስሜቱን አውጥታችሁ ቁጥሩንና ቀኑን ብቻ ስትተዉት ሰውየው የሚመልሰው ጥያቄ ያገኛል። "እርስዎ" ብላችሁ ጻፉ፣ በአካል "አንተ" የምትባባሉ ብትሆኑም። ያ ወረቀት ነገ ሦስተኛ ሰው ሊያነበው ይችላል።

አንዳንዴ መልሱ "ቧንቧው ከፈነዳ ወር አልፎታል፣ አላስጠገንክም፣ ስለዚህ አልከፍልም" ይሆናል። ኪራይ መያዝ መብቱ ነው አይደለም የሚለው በየአገሩ ሕግ ይለያያል። የጥገና ጥያቄ ቀርቦላችሁ ዝም ብላችሁ ከሆነ ግን ከማሳሰቢያው በፊት ወይም አብሮ ባለሙያ ላኩ፣ የሚመጣበትንም ቀን ደብዳቤው ላይ ጨምሩ። አለበለዚያ የእሱን ምክንያት እናንተው ታጠናክሩለታላችሁ።

ተከራዩ መጥቶ "በአንዴ አልችልም" ካለ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ። 13,000ው በ4 ወር ቢከፋፈል በወር 3,250 ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በየወሩ ከመደበኛው 8,000 ጋር 11,250 ይከፍላል፣ በየካቲት ውዝፉ ያልቃል። ዋናው ነገር የወሩ ኪራይ አብሮ መከፈሉ ነው። ውዝፉን እየከፈለ አዲሱን ወር የሚያዘገይ ከሆነ ዕዳው ስሙን ይቀይራል እንጂ አይቀንስም። ቁጥሩንም እሱ ይናገር፤ እናንተ አስጨንቃችሁ በ2 ወር ጨርስ ካላችሁት እሺ ይላል፣ በሁለተኛው ወር ግን ትመለሳላችሁ። የተስማማችሁበትን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።

አሰጣጡ ላይ ደብዳቤውን በር ሥር አንሸራትቶ መሄድ አይበቃም። በእጅ ከሰጣችሁ ቅጂው ላይ "ደርሶኛል" ብሎ ከነቀኑ ይፈርም፤ አልፈርምም ካለ በአደራ ፖስታ ላኩት። ውሉ በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት መጻጻፍን ከፈቀደ እንደዚያ መላክ ይቻላል፣ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉንም ጭምር።

ጥቅምት 18 አልፎ ገንዘብም መልስም ካልመጣ ሌላ ማሳሰቢያ አትጻፉ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማሳሰቢያ ሲደጋገም ተከራዩ የምትጽፉት ቀን ትርጉም እንደሌለው ይማራል። ቀጣዩ ወረቀት በአካባቢያችሁ ሕግ የተደነገገው ማስጠንቀቂያ ነው፣ እሱን ከሕግ ባለሙያ ጋር አዘጋጁት፤ ይዛችሁ የምትሄዱትም ውሉን፣ የባንክ መግለጫውንና ተከራዩ የፈረመበትን የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ነው።