በደቂቃ የሚሰላ የማርፈድ ተቀናሽ ምንድን ነው?

ሠራተኛ ሲያረፍድ ከደመወዙ ላይ የሚነሳው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያልተሠራበት ጊዜ ዋጋ ነው፤ ሥራው አልተሠራም፣ ስለዚህ አይከፈልም። ሁለተኛው ቅጣት ነው። በደቂቃ የሚሰላ ተቀናሽ የሚባለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፦ ሰባት ደቂቃ ያረፈደ የሰባት ደቂቃ ክፍያ ያጣል፣ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ1936 ወጥቶ እስከ 2025 ሲሠራበት የቆየው የሕንድ የደመወዝ ክፍያ ሕግ ይህንኑ በአንቀጽ 9 ደንግጎት ነበር። ለመቅረት የሚነሳው ገንዘብ ከጠቅላላው ደመወዝ የሚይዘው ድርሻ፣ የቀረበት ጊዜ ከጠቅላላው የሥራ ጊዜ ከሚይዘው ድርሻ መብለጥ የለበትም ይል ነበር።

ስሌቱን በአንድ ሠራተኛ እንየው። የወር ደመወዙ 24,960 ነው፤ በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ይከፈለዋል። ይህ 12,480 ደቂቃ ስለሆነ አንዱ ደቂቃ 2 ያወጣል። በወሩ ውስጥ አራት ጊዜ አረፈደ፦ 3፣ 7፣ 12 እና 20 ደቂቃ። ድምሩ 42 ደቂቃ ነው፤ ተቀናሹም 84።

አሁን ያንኑ ሠራተኛ ማርፈድን ወደ ላይ፣ ወደ ሩብ ሰዓት የሚያጠጋጋ መሥሪያ ቤት ውስጥ እናስገባው። ሦስቱ ቀናት እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ይሆናሉ፣ አራተኛው 30። ድምሩ 75 ደቂቃ፣ ተቀናሹ 150። ሰውየው 33 ደቂቃ ሠርቶ ሳይከፈለው ቀረ ማለት ነው። «ሦስት ጊዜ ያረፈደ የግማሽ ቀን ይቆረጥበታል» የሚለው ደንብ ደግሞ ይብሳል፤ 22 ደቂቃ ያጎደለው ሰው በሦስተኛው ቀን የ240 ደቂቃ ክፍያ፣ ማለትም 480 ያጣል። ይህ በግልጽ ቅጣት ነው፤ በደመወዝ መክፈያው ላይ ግን «ተቀናሽ» ተብሎ ይጻፋል። እኔን በጣም የሚከነክነኝም ይኸው የስም ለውጥ ነው። ሠራተኛው ቅጣት መሆኑን ካላወቀ ሕጉ ይፈቅድ እንደሆነ መጠየቅ እንኳ አይችልም።

ብዙ ጊዜ የማይታየው ስሕተት ግን ያለው ማካፈያው ቁጥር ላይ ነው። በወሩ ውስጥ ክፍያ ያላቸው ሁለት የበዓል ቀናት አሉ እንበል። ደመወዝ አዘጋጁ «የተሠራው 24 ቀን ነው» ብሎ በ24 ቢያካፍል፣ ደቂቃዎቹ 11,520 ይሆኑና የአንዱ ደቂቃ ዋጋ ወደ 2.17 ይወጣል። ያው 42 ደቂቃ አሁን 91 ያስቆርጣል። ሰዓቱም ድምሩም ትክክል ስለሆነ ስሕተቱ በዓይን አይያዝም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሠራተኛው 24ቱንም የሥራ ቀናት ቢቀር ምን ያህል ይቀነሳል ብላችሁ አስሉ። ሙሉው 24,960 ከወጣ፣ ስሌቱ መብቱ የሆነውን የበዓል ክፍያ ጭምር እየበላ ነው። በ26 ሲካፈል 23,040 ይቀነስና የሁለቱ በዓላት 1,920 ይተርፈዋል።

ሰኮንዶችም ይጣሉ እንጂ ወደ ላይ አይጠጉ። ከሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰኮንድ በኋላ የፈረመ ሰው ያጎደለው ሦስት ሙሉ ደቂቃ ነው። በኮምፒውተር የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ሰዓት የሚቀመጠው የቀን ክፍልፋይ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ መጀመሪያ ወደ ሰኮንድ፣ ቀጥሎ ወደ ደቂቃ ይለወጣል። A2 ላይ የመግቢያ ሰዓት፣ B2 ላይ የደረሰበት ሰዓት ካለ፦

```
=MAX(0,INT(ROUND((B2-A2)*86400,0)/60))
```

ቀድሞ የመጣ ሰው ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። ገንዘቡን በየቀኑ ከማጠጋጋት ይልቅ የወሩን ደቂቃዎች ደምሮ በመጨረሻ አንዴ ማስላት ይሻላል፤ አለዚያ ጥቃቅኑ ትርፍ በየዕለቱ ይከማቻል።

ሌላው የማረጋገጫ ቦታ የጣት አሻራ መሣሪያው ነው። ሃምሳ ሰው በአንድ መሣሪያ ፊት ተሰልፎ እያንዳንዱ አሥር ሰኮንድ ቢወስድ፣ የመጨረሻው ሰው ከስምንት ደቂቃ በላይ ቆሞ ይጠብቃል። በሰዓቱ ደርሶ «አረፈደ» ተብሎ ይመዘገባል። መዝገቡ ላይ የብዙ ሰዎች ማርፈድ ተከታትሎ፣ በሰኮንዶች ልዩነት ተደርድሮ ከታየ፣ ምክንያቱ ሠራተኞቹ ሳይሆኑ ሰልፉ ነው።

ያጎደለውን 12 ደቂቃ ማታ በአለቃው ፈቃድ ቆይቶ የሠራ ሰው ደግሞ ከሁለት አንዱ ይገባዋል፦ ወይ አይቀነስበትም፣ ወይ ተቀንሶበት የቆየበት ይከፈለዋል። ሁለቱም ካልሆነ ሥራውም ገንዘቡም ተወስዶበታል።

ታዲያ ሁልጊዜ የሚያረፍደውስ? ለእርሱ ማስጠንቀቂያ አለ፣ በጽሑፍ፣ ከነቀኑ። ያ የዲሲፕሊን ጉዳይ ስለሆነ በራሱ ደንብ ይታያል። የደመወዝ መክፈያው ላይ የሚሰፍረው ግን ሠራተኛው ራሱ ደምሮ አባዝቶ የሚያረጋግጠው አንድ መስመር ነው፦ 42 ደቂቃ × 2 = 84።