ኦስቲናቶ ምንድን ነው? የአባሮሽ ሲን ላይ ቼሎው ለምን አያርፍም

ፊልም ላይ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ሲያባርረው ከስር ዱግ ዱግ ዱግ እያለ ሳያቋርጥ የሚሄድ የቼሎ ድምፅ ሰምታችኋል አይደል፣ እሱ ነው ኦስቲናቶ የሚባለው። ቃሉ ጣልያንኛ ነው፣ ግትር ማለት ነው፣ እውነትም ግትር ነው፣ አንድ አጭር ሀረግ ይይዝና ላዩ ላይ ምንም ቢቀያየር አልለቅም ይላል። አዝማሪው ግጥሙን ሲለዋውጥ ማሲንቆው ከስር አንዷን ሀረግ እየመላለሰ ሲይዝለት አስቡት፣ ሐሳቡ ለጆሯችን እንግዳ አደለም።

አባሮሽ ላይ የሚሰራበት ምክንያት ደሞ ይሄ ነው፣ ስዕሉ በየሴኮንዱ ይቆራረጣል፣ እግር፣ ፊት፣ ግድግዳ፣ እንደገና እግር፣ ኦስቲናቶው ግን ስለማይቆራረጥ ሁሉንም አንድ ሩጫ ያደርገዋል፣ ሰሚውም ሳያውቀው መቼ ነው የሚቆመው እያለ መጠበቅ ይጀምራል።

በቅርቡ ለአንድ አጭር ፊልም የሰራሁትን ላሳያችሁ። ልጁ በመርካቶ ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ይሮጣል፣ ሲኑ 40 ሴኮንድ ነው፣ 20ኛው ሴኮንድ ላይ መውጫ የሌለው ግድግዳ ጋ ይደርሳል። መጀመሪያ በ150 ቢፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ 150 ቢት፣ ጀመርኩና ግድግዳው ባሩ መሀል ላይ ወደቀብኝ፣ ምክንያቱም በ150 ሲሰላ 20 ሴኮንድ ማለት 50 ቢት ነው፣ በአራት አራት ስትከፍሉት 12 ባር ተኩል። ወደ 144 ሳወርደው 20 ሴኮንዱ 48 ቢት ሆነ፣ ልክ 12 ባር፣ ስለዚ ግድግዳው 13ኛው ባር የመጀመሪያው ቢት ላይ ቁጭ አለ። ቴምፖ በስሜት ብቻ አይመረጥም የምለው ለዚ ነው፣ መጀመሪያ ዋናው ድርጊት ስንተኛው ሴኮንድ ላይ እንዳለ ጻፉ፣ ከዛ ቁጥሩን ፈልጉለት።

ሀረጉ ራሱ ቀላል ነው፣ በቼሎ ስፒካቶ፣ ማለትም ቀስቱ ክሩ ላይ ነጠር ነጠር እያለ፣ ሬ ሬ ሬ ፋ ሬ ሬ ሚ ሬ፣ በአንድ ባር ስምንት ኖታ። ዳይሬክተሩ ሰምቶ "ቀዝቅዟል፣ ፈጠን ይበል" አለኝ። የጎደለው ግን ፍጥነት አልነበረም፣ ስምንቱም ኖታ እኩል ጉልበት ስለነበራቸው ነው። አንደኛውን፣ አራተኛውንና ሰባተኛውን አጠንክሬ ሌሎቹን አለሰለስኩ፣ ሶስት ሶስት ሁለት ሆነው ተከፈሉ፣ የመጨረሻዋ ሁለት አጭር ስለሆነች ሁሌ እግሩ የተደናቀፈ ሰው ነው የምትመስለው፣ ያኔ ቴምፖው ሳይነካ "አሁን ሮጠ" አለ። በስድስት ስምንተኛም ሞክሬው ነበር፣ ግን ለኛ ሰው ስድስት ስምንተኛ በዚ ፍጥነት ሲመጣ ችክችካ ነው፣ ትከሻ ነው የሚነቀንቀው፣ ተውኩት።

ከዛ በኋላ የሚመጣው ችግር መሰልቸት ነው፣ 24 ባር ሙሉ አንድ ነገር ማንም አይሰማም። እዚ ጋ ብዙ ሰው ኦስቲናቶውን መቀያየር ይጀምራል፣ እኔ ግን ባይነካ ይሻላል እላለሁ፣ ግትርነቱ ነው ጉልበቱ። የሚቀየረው ከስሩ ያለው ቤዝ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች ሬ ላይ ያዝኩት፣ ከዛ ሲ ፍላት፣ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ደሞ ሚ ፍላት፣ ይሄኛው ላይ ቤዙ ቼሎው ከያዘው ሬ ጋ ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚራራቅ ይፋጫል፣ ቼሎው አንድ ኖታ ሳይቀይር የሆነ ክፉ ነገር የመጣ ይመስላል። ቪዮላው አምስተኛው ባር ላይ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ገባ፣ ቫዮሊኖቹን ግን እስከ ግድግዳው ድረስ ደብቄ አቆየኋቸው።

በሳምፕል፣ ማለትም ቀድሞ በተቀዳ የመሳሪያ ድምፅ፣ የምትሰሩ ከሆነ ሁለት ነገር ያጋጥማችኋል። አንዱ ተመሳሳይ ቅጂ ሲደጋገም እንደ መትረየስ መጮሁ ነው፣ ራውንድ ሮቢን ያለው፣ ማለትም ለአንዱ ኖታ የተለያዩ ቅጂዎችን የሚያፈራርቅ ሳምፕል ተጠቀሙ፣ ቨሎሲቲውንም፣ ማለትም የየኖታውን ጉልበት፣ በእጃችሁ አዛንፉት። ሁለተኛው መዘግየት ነው፣ ቀስቱ ክሩን ነክቶ ድምፁ እስኪወጣ ትንሽ ጊዜ አለ፣ ኖታው ግሪዱ ላይ ቢሆንም ጆሯችሁ ከበሮው ቀድሞ ቼሎው ሲጎተት ይሰማል። ትራኩን ከ20 እስከ 50 ሚሊሴኮንድ አስቀድሙትና ከበሮው ጋ እስኪገጥም በጆሮ ፈልጉት።

30ኛው ሴኮንድ ላይ ልጁ ከሸራ ስር ይደበቃል፣ ያ በ144 ልክ 18 ባር ሲያልቅ ነው። እዛ ላይ ሁሉንም አቆምኩ፣ ለሁለት ባር ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ከ18 ባር በኋላ ጆሮ ቢቱን በራሱ ስለሚቀጥል ዝምታው ውስጥም ሩጫው አይቆምም። 21ኛው ባር ላይ ቼሎው ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ያችኑ ሀረግ ይዞ ተመለሰ፣ ስዕሉ ላይም የአሳዳጁ ጫማ ከሸራው አጠገብ ቆሟል።