«ሩል» የሚል ቃል ባያችሁ ቁጥር ዲኦንቶሎጂን አትክበቡ

«መምህር፣ ጥያቄው ውስጥ ‹ሩል› የሚል ቃል ካለ መልሱ ዲኦንቶሎጂ ነው አይደል?»

አይደለም። ይህን ጥያቄ በየሴሚስተሩ እሰማዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። አንዱ ባች ለሚቀጥለው ባች ከሾርት ኖት ጋር ያወርሰዋል። ፍሬሽማን ሆናችሁ ስለ ሥነ ምግባር ስትማሩ ሦስት ስሞች ትሰማላችሁ፤ ግዴታን የሚያስቀድመው ዲኦንቶሎጂ፣ ውጤትን የሚመዝነው ኮንሴኩዌንሻሊዝም እና የሰውየውን ጠባይ የሚያየው ቨርቹ ኤቲክስ። ከዚያ ሾርት ኖቱ ላይ ከየአስተሳሰቡ ፈላስፋ ስም ጋር ሦስት መስመር ይሰፍራል። ሕግ ካለ ካንት፣ ውጤት ካለ ሚል፣ ጥሩ ሰው ካለ አርስቶትል። ጥያቄ አውጪውም ይህን ሾርት ኖት ያውቀዋል። ወጥመዱን የሚዘረጋው እዚያው ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ የፈተና ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች። የተሳሳተችው ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይል ነበር። «ሐኪሞች ለታካሚ እውነቱን መናገር አለባቸው የሚለው ሕግ መከበር አለበት፤ ምክንያቱም ሕጉ ሲከበር ሰዎች በሐኪም ይተማመናሉ፣ ሳይዘገዩ ይታከማሉ፣ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። ይህ የየትኛው አስተሳሰብ ነው?» ምርጫዎቹ ሀ. ዲኦንቶሎጂ፣ ለ. አክት ዩቲሊታሪያኒዝም፣ ሐ. ሩል ዩቲሊታሪያኒዝም፣ መ. ቨርቹ ኤቲክስ ነበሩ። ልጅቷ ሀን ከብባለች። «ሩል» የሚለው ቃል ሥር በእርሳስ ሁለት ጊዜ አስምራለች። «ምክንያቱም» ከሚለው በኋላ ግን አንድም መስመር የለም።

መልሱ ያለው ያላሰመረችበት ቦታ ነው። ሕጉ የሚከበረው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ስለሚድን። እንግዲህ ሕጉን የተሸከመው ውጤቱ ነው። ውጤቱን ከሥሩ ብታወጡት ሕጉ ይወድቃል። ይሄ ሩል ዩቲሊታሪያኒዝም ነው፣ የኮንሴኩዌንሻሊዝም አንዱ ዓይነት፤ መልሱ ሐ።

በለ እና በሐ መካከል ያለውም ልዩነት ብዙ ጊዜ ይምታታል። አክት ዩቲሊታሪያኑ እያንዳንዱን ድርጊት ለብቻው ይመዝናል። ዛሬ፣ እዚህ አልጋ ላይ ላለችው ለእኚህ እናት እውነቱን መናገር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? የሚጎዳ ከሆነ ይዋሻል። ሩል ዩቲሊታሪያኑ አልጋው አጠገብ ቆሞ አይመዝንም። እሱ የመዘነው ቀደም ብሎ ነው፤ የመዘነውም ሕጉን ነው። ሐኪሞች ሁሉ እውነት የሚናገሩበት አገር ከሌላው የተሻለ ሆኖ ካገኘው፣ ዛሬ አንዲት ውሸት ብትጠቅም እንኳ ሕጉን ይዞ ይቆያል። እዚህ ጋ ልብ በሉ። በዚያች ሰዓት ሩል ዩቲሊታሪያኑና ካንታዊው የሚያደርጉት ነገር አንድ ነው፤ ሁለቱም እውነቱን ይናገራሉ። ድርጊቱን ብቻ አይታችሁ መለየት አትችሉም።

እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መለያ አንድ ነው። ጥያቄው ውስጥ ያለውን ሰው በልባችሁ እንዲህ በሉት፦ «ይህ ሕግ በአጠቃላይ ሰውን ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ይበዛል ብለን ብናረጋግጥልህ ትተወዋለህ?» «አዎ፣ በሌላ እለውጠዋለሁ» ካለ የውጤት ሰው ነው። «ይህን ያህል ይጠቅማል ብዬ መች ያዝኩትና?» ካለ ዲኦንቶሎጂ ነው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ወረቀቷን ከእጄ ወስዳ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ላይ ራሷ ሞከረችው። ሁለቱንም አገኘቻቸው።

«ካንት ‹ሁሉም ሰው እንዲህ ቢያደርግስ?› ይል የለ? ታዲያ እሱም ውጤት እያየ አይደለም እንዴ?»

ይህን የሚጠይቀኝ ተማሪ ሲኖር ደስ ይለኛል፤ ጥሩ አንባቢ ነው ማለት ነው። ግን መልሱ አሁንም አይደለም ነው። ካንት ራሱ ያመጣውን ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ገንዘብ ቸግሮታል። እንደማይመልስ እያወቀ «እመልሳለሁ» ብሎ ቃል ገብቶ መበደር ያስባል። ካንት የሚለው «ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ኅብረተሰቡ ይጎዳል፣ ኢኮኖሚው ይናጋል» አይደለም። የሚለው ሌላ ነው። ሁሉም ሰው በችግሩ ጊዜ በውሸት ቃል የሚገባ ከሆነ ቃል የሚባል ነገር አይኖርም። «እመልሳለሁ» ሲባል ማንም አያምንም። የሰውዬው ዕቅድ ግን የሚሠራው የሚያምነው ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ለሁሉም ሲሆን ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ጉዳዩ የጉዳት ሳይሆን ከራስ ጋር የመጋጨት ነው።

ፈተና ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡላችኋል። አንደኛው «ካንት ውሸትን የሚቃወመው ውሸት ሲበዛ በሰዎች መካከል መተማመን ጠፍቶ ሁሉም ስለሚጎዳ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የሚዋሸው ሰው መመሪያ ለሁሉም ሲሆን ከራሱ ጋር ስለሚጋጭ ነው» ይላል። ሁለቱም ላይ «ሁሉም» የሚል ቃል አለ፤ መጀመሪያው ደግሞ ለጆሮ ይጥማል፤ ዕለት ተዕለት የምንናገረው እንደዚያ ነውና። እሱን የሚከብ ተማሪ ለካንት የጆን ስቱዋርት ሚልን ምክንያት አሸክሞታል።

«ዋናው ሐሳቡ ንጹህ መሆኑ ከሆነ ቨርቹ ኤቲክስ ነው።»

ይሄኛው እውነት ለመናገር በጣም ያናድደኛል። ስለ በጎ ፈቃድ ከካንት በላይ የጮኸ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ1785 ያሳተመው ሥራው የሚጀምረው ያለ ገደብ መልካም ሊባል የሚችለው በጎ ፈቃድ ብቻ ነው በማለት ነው። እዚያው ላይ የባለሱቅ ምሳሌ አለው። እኛ ሰፈር አምጥተን እንየው።

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ መቶ ብር ይዞ ዘይት ሊገዛ ሱቅ ይላካል። ልጁ መልስ መቁጠር አይችልም። ባለሱቁ ሃያ ብር ቢያስቀርበት የሚያውቅ የለም። ግን ሙሉውን መልስ ቆጥሮ፣ ሳንቲም ሳያጎድል፣ መዳፉ ላይ አድርጎለት ጣቶቹን ያጥፍለታል። የየትኛው አስተሳሰብ ሰው ነው? እስካሁን በተነገራችሁ ብቻ መልስ የለውም። አሁን ምክንያቱን እንጨምር።

«ነገ እናቱ ብትደርስበት ሰፈሩ በሙሉ ይሸሸኛል» ካለ የራሱን ጥቅም ነው ያሰላው። ካንት ይህን ሰው ድርጊቱ ከግዴታ ጋር ገጥሟል፣ ግን ከግዴታ የመነጨ አይደለም ይለዋል። «ሰው ሳይሰጋ ልጁን የሚልክበት ሰፈር ለሁላችንም ይሻላል» ካለ ዩቲሊታሪያን ነው። «ይህ ልጅ አምኖኝ ነው የመጣው፤ እምነቱን መጠቀሚያ ማድረግ መብቴ አይደለም» ካለ ዲኦንቶሎጂ ነው። አራተኛው ባለሱቅ ደግሞ ስትጠይቁት ግራ ይገባዋል። ማስቀረት የሚባለው ነገር ጭራሽ አልመጣለትም። ታማኝነት በዓመታት ልማድ ከሱ ጋር ተዋህዷል፤ ልክ መመለሱ ያስደስተዋል። ይሄ የአርስቶትል ሰው ነው።

ካንትንና አርስቶትልን የሚለየውን ክር እዚህ ያዙት፤ ከባድ ጥያቄዎች የሚመጡት ከዚህ ነው። ባለሱቁ ብሩን ፈልጎታል እንበል። እጁ እየተጎተተ፣ «ግዴታዬ ነው» ብሎ ራሱን አሸንፎ መለሰው። ለካንት የድርጊቱ የሞራል ዋጋ ፍንትው ብሎ የሚታየው እዚህ ነው፤ ከግዴታ በቀር ሌላ የገፋው ነገር የለምና። ለአርስቶትል ግን ይህ ሰው ገና መንገድ ላይ ነው። ራሱን የሚገዛ ሰው ነው፤ ምግባሩ የተሟላ አይደለም። የተሟላው ደስ እያለው የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ላይ ትግል ካለና ትግሉ ከተሞገሰ ወደ ካንት፣ ደስታና ልማድ ከተሞገሱ ወደ አርስቶትል ዘንበል በሉ።

ሚልስ? ሚል ድርጊቱንና ሰውየውን ለየብቻ ያያቸዋል። ከመስመጥ ሰው ያዳነ፣ ለግዴታው ብሎ ያድነው ለክፍያ፣ ትክክል ነው ያደረገው። የልቡ ሐሳብ የሰውየውን ዋጋ ይነግረናል እንጂ የድርጊቱን ትክክለኛነት አይለውጥም። «ሞቲቭ ለሚል ምንም ዋጋ የለውም» የሚል ምርጫ ካያችሁ ይህን አስታውሱና እለፉት።

«ኮንሴኩዌንሻሊዝም ማለት ራስ ወዳድነት ነው።»

ኢጎይዝም አንዱ ቅርንጫፍ ነው። ሚል ግን የራስህንና የሌላውን ደስታ እንደ ገለልተኛ ተመልካች እኩል መዝን ይላል።

«የአርስቶትል መሃል ማለት በሁለቱ ጫፎች እኩሌታ ላይ ያለው ነው።»

አርስቶትል ምግባር በመብዛትና በማነስ መካከል ያለው መሃል ነው ይላል፤ መሃሉ ግን እኩሌታ አይደለም። አስር ምናን ለአንድ ሰው ብዙ፣ ሁለት ምናን ደግሞ ጥቂት የሆነ ምግብ እንዳለ አስቡ። ምናን ያኔ የነበረ የክብደት መለኪያ ነው። አርስቶትል አሠልጣኙ በቀጥታ ስድስት አያዝም ይላል፤ ለታዋቂው ታጋይ ለሚሎ ስድስት ያንሳል፣ ለጀማሪ ይበዛል። ደግሞ ሌብነት፣ ዝሙትና ግድያ መሃል የላቸውም። «በልክ መስረቅ» የሚል ምርጫ ከመጣ ስህተት ነው።

«ቴሌኦሎጂካል ካለ ሁሌም ሚል ነው።»

ብዙ የትምህርት ጽሑፎች ቴሌኦሎጂካልን ከኮንሴኩዌንሻሊዝም ጋር በአንድ ትርጉም ስለሚጠቀሙበት አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። ጥያቄው «የሰው ልጅ የመጨረሻ ግብ»፣ «ዩዳይሞኒያ» ወይም «በምግባር የሚኖር ሕይወት» ካለ ግን አርስቶትል ነው። እሱ ዘንድ ደስታ ከድርጊቱ በኋላ የሚለካ ውጤት አይደለም፤ እንዲያ የሚኖረው ሕይወት ራሱ ነው።

ፈተና ስትገቡ እንዲህ አድርጉ። ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑ። ጥያቄው ውስጥ «ቢኮዝ»፣ «ሲንስ» ወይም «ኢን ኦርደር ቱ» የሚሉትን ፈልጉና ከነሱ በኋላ ላለው አስምሩ። የማንን ምክንያት እንደሚመስል በራሳችሁ ቃል አንድ መስመር ጻፉ። እጃችሁን የምታነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ምርጫውን መጀመሪያ ያነበበ ሰው ቃል ማደን ይጀምራል።

ምክንያት ጭራሽ የማይሰጥ ጥያቄም ያጋጥማችኋል። «አንድ ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር ጠበቀ። የየትኛው አስተሳሰብ ነው?» ሦስቱም ምስጢሩን ሊጠብቁ ይችላሉ። ጥያቄው ራሱ ጉድለት አለበት። ፈታኙን ጠርታችሁ «ለምን እንደጠበቀ አልተገለጸም» ብላችሁ አስመዝግቡ። እኛም ጥያቄ ስንገመግም እንዲህ ያለውን ወይ ምክንያት ጨምረንበት እናስተካክላለን፣ ወይ እንሰርዘዋለን።