ስድስተኛዋ ጣት ከየት መጣች?

ምስል በሚስል የኤአይ ሞዴል ፎቶ ላይ ሰው ወይም ጽሑፍ ስናስጨምር ፊት ይጨፈለቃል፣ ጣት ይበዛል፣ ፊደል ይንሻፈፋል። ለምን ሲባል የሚሰጡትን መልሶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሞዴሉ የሰው ፊት አያውቅም ማለት ነው።»

ኧረ ያውቃል። ያንኑ ፊት ፍሬሙን ሞልቶ እንዲስል ብታዙት አሳምሮ ይሠራዋል። የጠበበው ቦታው ነው። ለምሳሌ ስቴብል ዲፊዩዥን ኤክስኤል የሚባለው ሞዴል የሚስለው በቀጥታ ፒክስል ላይ አይደለም። ፎቶው መጀመሪያ ይታመቃል፤ እያንዳንዱ 8 በ8 ፒክስል ወደ አንዲት ሕዋስ ይጠቀለላል። ሕዋሷ የምትይዘው 4 ቁጥር ብቻ ነው። ሳይታመቅ በፊት እዚያው ቦታ ላይ 192 ቁጥር ነበር።

እስቲ እናስላው። 4096 ፒክስል ስፋት ባለው ፎቶ ላይ፣ ከኋላ በኩል ሰዎች ልትጨምሩ ነው እንበል። የአንዱ ፊት 96 ፒክስል ይሆናል። ፎቶው ግን ለሞዴሉ እንዲመች ወደ 1024 ሲቀነስ ፊቱ 24 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። ለ8 ሲካፈል 3። ሁለት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ በ9 ሕዋስ! ቢጨፈለቅ ምን ይገርማል?

«ስቴፑን ብጨምርለት ይጠራል።»

እኔም በዚህ ብዙ ሰዓት አቃጥያለሁ። ስቴፕ ማለት ሞዴሉ የተዘበራረቀ ነጥብጣብን ወደ ምስል የሚያጠራበት ደረጃ ነው፤ ቢበዛ ሕዋስ አይጨምርም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሞዴሉን በምናሠራበት ኮምፊዩአይ በሚባለው ፕሮግራም ትናንሽ ጽሑፍ ያለበት እውነተኛ ፎቶ ወስዳችሁ በ`VAE Encode` አምቁትና በ`VAE Decode` ብቻ መልሱት። ምንም ሳይጨመርበት ደቃቁ ፊደል ተንሻፎ ይመለሳል።

የሚረዳው አውቶማቲክ1111 በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ያለው `Only masked` የሚለው ምርጫ ነው፤ ማስክ ማለት እንደገና እንዲሳል የምትሸፍኑት ቦታ ነው። በፊቱ ዙሪያ 512 ፒክስል ቆርጦ ወደ 1024 ካሳደገው፣ ያ ፊት 192 ፒክስል፣ ማለትም 24 በ24 ሕዋስ ያገኛል። ከ9 ወደ 576። ስሎ ሲጨርስ አሳንሶ ቦታው ላይ ይለጥፈዋል።

«ጣት መቁጠር አይችልም።»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው እጅ በትልቁ ሲሳልም የሚበላሸው። ሥራው ነጥብጣቡን ደረጃ በደረጃ ማጥራት እንጂ መቁጠር አይደለም። ከጣት አጠገብ ጣት መኖሩን ተምሯል፤ የት እንደሚቆም ግን የሚነግረው የለም። በተማረባቸው ፎቶዎች እጅ ታጥፏል፣ ዕቃ ይዟል፣ ኪስ ገብቷል፤ አንዴ ሦስት ጣት ይታያል፣ አንዴ አምስት። ማስኩ እጁን መሃል ላይ ከቆረጠው ደግሞ ይብሳል፤ አዲሶቹ ጣቶች ከቀሩት ጋር መግጠም አለባቸው። ስለዚህ እጁን ከነአንጓው ሸፍኑት።

«ቃሉን በትክክል ጽፌለታለሁ፤ መገልበጥ ብቻ ነው።»

የጻፋችሁት ቃል ሞዴሉ ዘንድ የሚደርሰው ፊደል በፊደል አይደለም። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ አንድ ቁጥር ሆኖ ነው የሚገባው፤ ውስጡ የትኞቹ ፊደላት እንዳሉ አይታየውም። በዚያ ላይ ፊደል ስሕተት አይችልም። ቅጠል ትንሽ ቢዛነፍ ማንም ልብ አይለውም፤ «ለ» ላይ አንዲት ጭረት ከተጨመረች ግን «ሉ» ወይም «ሊ» ሆና ታርፋለች። ባዶ ሰሌዳ አስሞሉትና ጽሑፉን በራሳችሁ ሌየር ላይ ጻፉት።