ኢቲኤፍ ምንድን ነው? ዋጋውን ከንብረቱ ጋር አስሮ የያዘውስ ማን ነው?

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ይኖራል። ከደመወዙ እየቆጠበ በየወሩ SPY የሚባለውን ኢቲኤፍ ይገዛል። አንድ ቀን ደውሎ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ፈንዱ ውስጥ ያሉት አክሲዮኖች የየራሳቸው ዋጋ አላቸው። ፈንዱም ገበያ ላይ የራሱ ዋጋ አለው። ታዲያ ሁለቱ ሁልጊዜ እንዴት ይገጥማሉ? የሚጠብቃቸው ሰው አለ?»

ሰው ስለ ኢቲኤፍ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «የቱ ያተርፋል?» ብሎ ነው። እሱ የጠየቀው ግን ኢቲኤፍን ኢቲኤፍ ስላደረገው ነገር ነው።

ኢቲኤፍ ብዙ አክሲዮን ወይም ቦንድ በአንድ ላይ የያዘ ፈንድ ነው፤ ድርሻው ግን ልክ እንደ አንድ ኩባንያ አክሲዮን ቀኑን ሙሉ ገበያ ላይ ይሸጣል፣ ይገዛል። SPY 500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ይዟል። እርስዎ አንድ ድርሻ ሲገዙ የሚገዙት ከፈንዱ ሳይሆን ድርሻውን መሸጥ ከፈለገ ሌላ ሰው ነው። ገንዘብዎ ወደ ፈንዱ ካዝና አይገባም። እንግዲህ ሻጭና ገዥ ብቻቸውን የሚደራደሩ ከሆነ፣ ዋጋው እንደ ፍላጎታቸው ከንብረቱ ርቆ ሊሄድ ይችል ነበር። ለምን እንደማይሄድ ለመረዳት ከመጋዘን መነሳት ይሻላል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያን አሠራር የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ቶሎ ይይዘዋል። አቅራቢው ቡናውን ጅማ ወይም ሀዋሳ ባለው መጋዘን ያስገባል፤ ቡናው ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ለአቅራቢው ደረሰኝ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሚገበያየው ደረሰኙ ነው፤ ጆንያው ካለበት አይነቃነቅም። የደረሰኙ ዋጋ ከቡናው ዋጋ የማይለየው ደረሰኙን የያዘ ሰው መጋዘን ሄዶ ቡናውን ማውጣት ስለሚችል ነው። ደረሰኙ ከቡናው ከረከሰ ደረሰኙን ገዝቶ ቡናውን የሚያወጣ አይጠፋም፤ ከተወደደ ደግሞ ቡና አስገብቶ ደረሰኝ የሚያወጣ ይመጣል።

የSPY ሐሳብ የመነጨውም ከዚሁ ነው። ናታን ሞስት በአሜሪካን ስቶክ ኤክስቼንጅ አዳዲስ የገበያ ምርቶችን የማፍለቅ ኃላፊ ነበር፤ ከዚያ በፊት በሸቀጥ ንግድ ስለሠራ የመጋዘን ደረሰኝን አሠራር በደንብ ያውቃል። አክሲዮኖቹን «መጋዘን» አስገብቶ በላያቸው ላይ የሚገበያይ ደረሰኝ ለምን አይወጣም ብሎ አሰበ። ሐሳቡን ይዞ መጀመሪያ የሄደው ቫንጋርድ የተባለው የፈንድ ድርጅት መሥራች ወደሆነው ጆን ቦግል ነበር፤ ቦግል ግን አልተቀበለውም። ሰው በየቀኑ በገባና በወጣ ቁጥር ፈንዱ አክሲዮን ለመግዛትና ለመሸጥ ይገደዳል፤ የዚያ ወጪ ደግሞ ዝም ብለው በተቀመጡት ባለድርሻዎች ላይ ይወድቃል የሚል ስጋት ነበረው። ሞስት ስቴት ስትሪት ከተባለው የገንዘብ ድርጅት ጋር ሆኖ ሥራውን ቀጠለ፣ SPYም እ.ኤ.አ. በጥር 1993 ለገበያ ቀረበ። የቦግልን ስጋት የመለሰው ያው የመጋዘኑ ዘዴ ነው፦ ወደ ፈንዱ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን አክሲዮኑ ራሱ ይሁን፤ ሲወጣም አክሲዮኑ ራሱ ይውጣ። የመግዛትና የመሸጥ ወጪውን አክሲዮኑ በሚገባበትና በሚወጣበት በር ላይ የቆመው ነጋዴ ይሸፍናል።

በዚያ በር እርስዎም ሆኑ የአክስቴ ልጅ አትገቡም። የሚገቡት ከፈንዱ ጋር የተዋዋሉ ትልልቅ ባንኮችና የንግድ ድርጅቶች ናቸው፤ «የተፈቀደላቸው ተሳታፊዎች» ይባላሉ። አንድ ሁለት ድርሻም አያስገቡም። በSPY ትንሹ መጠን 50,000 ድርሻ ነው፤ ይህ አንድ «የመፍጠሪያ ጥቅል» ይባላል። ፈንዱ በየማለዳው ለአንድ ጥቅል የትኛው አክሲዮን ስንት እንደሚያስፈልግ ዝርዝር ያወጣል። ተሳታፊው በዝርዝሩ መሠረት አክሲዮኖቹን ሰብስቦ፣ ለማስተካከያ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ጨምሮ ያስረክባል። ፈንዱም በምትኩ ከዚህ በፊት ያልነበሩ 50,000 አዲስ ድርሻዎችን ይሰጠዋል። ኢቲኤፍ ተፈጠረ የሚባለው ያኔ ነው። ወደ ኋላም ይሠራል፦ 50,000 ድርሻ የመለሰ ተሳታፊ አክሲዮኖቹን ይረከባል፣ የተመለሱት ድርሻዎችም ይሰረዛሉ።

አሁን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ውስጥ ያሉት አክሲዮኖች ዋጋ ለአንድ ድርሻ ሲሰላ 600 ዶላር ነው እንበል። ብዙ ገዥ ስለመጣ ድርሻው ገበያ ላይ 600 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገባ። ይህን ያየ ተሳታፊ በአንድ እጁ የዝርዝሩን አክሲዮኖች በ30,000,000 ዶላር ይገዛል፤ በሌላ እጁ፣ በዚያው ቅጽበት፣ 50,000 ድርሻ በ30,030,000 ዶላር ይሸጣል። የሸጠው ድርሻ ገና በእጁ የለም፤ በኋላ አክሲዮኖቹን ለፈንዱ አስረክቦ በሚያገኘው አዲስ ድርሻ ያሟላዋል። ልዩነቱ 30,000 ዶላር ነው። ለፈንዱ የሚከፍለው ክፍያና አክሲዮኖቹን ሲሰበስብ ያወጣው 10,000 ዶላር ቢሆን 20,000 ይተርፈዋል። ዋጋው ነገ ይውጣ ይውረድ እሱን አያሳስበውም፤ ትርፉን ዛሬውኑ ቆልፎታል።

ጥቅም ፍለጋ ያደረገው ነገር ዋጋውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ድርሻውን ሲሸጥ የድርሻው ዋጋ ይወርዳል፤ አክሲዮኖቹን ሲገዛ የአክሲዮኖቹ ዋጋ በትንሹ ይወጣል። ሌላውም ተሳታፊ ያንኑ ያደርጋል፣ ልዩነቱም ወጪያቸውን እስከማይሸፍን ድረስ ይጠባል። በምሳሌያችን ወጪው 10,000 ዶላር ስለሆነ ለአንድ ድርሻ 20 ሳንቲም ይደርሳል። ስለዚህ ዋጋው 600 ላይ ተቸንክሮ አይቆምም፤ ከ600 በ20 ሳንቲም ከፍና ዝቅ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይመላለሳል። ድርሻው ከረከሰ ሥራው ይገለበጣል፦ ድርሻውን ገዝቶ ለፈንዱ ይመልሳል፣ አክሲዮኖቹን ተቀብሎ ይሸጣል።

ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር። የሚጠብቅ ዘበኛ የለም። ዋጋውን ቦታው ላይ የሚያቆየው በሩ በሁለቱም በኩል ክፍት መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲያውም በሩ ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ መግባት እንደሚቻል የሚያውቁ ነጋዴዎች ቀኑን ሙሉ የሚያቀርቡት ዋጋ ከንብረቱ ብዙ አይርቅም።

ይህ ባዶ ንድፈ ሐሳብ እንዳልሆነ የሚያሳይ፣ በሩ የተዘጋበት አንድ ፈንድ አለ። ግሬይስኬል የሚባለው ድርጅት ቢትኮይን የያዘ ፈንድ ነበረው፤ ምልክቱ GBTC ነው። ቢትኮይን አስረክቦ አዲስ ድርሻ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ያንን ድርሻ ለሕዝብ ለመሸጥ ግን ወራት መጠበቅ ግድ ነበር። ድርሻ መልሶ ቢትኮይን ማውጣት ደግሞ ጭራሽ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሰው ሲሻማበት አዲስ ድርሻ ቶሎ ገበያ ስለማይደርስ፣ ዋጋው ውስጡ ካለው ቢትኮይን ከእጥፍ በላይ የሆነበት ጊዜ ነበር። ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ፤ በ2022 መጨረሻ ድርሻው ውስጡ ካለው ንብረት ግማሽ ገደማ ዋጋ ወረደ። የአንድ ዶላር ቢትኮይን በሃምሳ ምናምን ሳንቲም ይሸጣል፣ ግን ማውጫ በር ስለሌለ ርካሹን ገዝቶ ውድ የሚሸጥ የለም። ነሐሴ 2023፣ ፈንዱን ወደ ኢቲኤፍ ለመለወጥ በተደረገው ክርክር ፍርድ ቤት ለግሬይስኬል ሲፈርድ በሩ ሊከፈት ነው የሚለው ተስፋ ብቻውን ልዩነቱን አጠበበው። ጥር 2024 ፈንዱ ወደ ኢቲኤፍ ሲለወጥ ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ቢትኮይኑ ያው ቢትኮይን ነው፤ የተለወጠው በሩ ነው።

በሩ ክፍት ሆኖም ዋጋው የሚርቅበት ጊዜ አለ፤ ይኼኛው ይበልጥ ስውር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020፣ ኮሮና ገበያውን ባናጋበት ሰሞን፣ LQD የሚባለው የኩባንያ ቦንድ ኢቲኤፍ ውስጡ ካሉት ቦንዶች ከተሰላ ዋጋው በ5 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተሸጠ። ብዙ ሰው ኢቲኤፉ ተበላሸ አለ። እኔ ግን የተሳሳተው ስሌቱ ነበር ባይ ነኝ። የኩባንያ ቦንድ እንደ አክሲዮን በየሰከንዱ አይሸጥም፤ ቀኑን ሙሉ አንዴም ሳይሸጥ የሚውል ብዙ አለ። ላልተሸጠው ቦንድ የሚሰጠው ዋጋ ግምት ነው፣ ግምቱም ከትናንቱ ብዙ አይርቅም። ተሳታፊው ኢቲኤፉን በ95 ገዝቶ፣ በወረቀት 100 ያወጣሉ የተባሉ ቦንዶችን መረከብ ይችል ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት እነዚያን ቦንዶች በ100 የሚገዛው ማን ነው? 95 የሚከፍል እንኳ ማግኘት ካልቻለ ልዩነቱ ትርፍ አይደለም። በዚያ ሰሞን እውነተኛውን ዋጋ ይናገር የነበረው ኢቲኤፉ ነው። መጋቢት 23 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የኩባንያ ቦንድና የቦንድ ኢቲኤፍ እንደሚገዛ ሲያስታውቅ፣ ለቦንዶቹ ገዥ ተገኘ፣ ልዩነቱም ወዲያው ተዘጋ።

ስለዚህ አንድ ኢቲኤፍ ከመግዛትዎ በፊት የፈንዱን ገጽ ከፍተው የገበያ ዋጋውንና የተጣራ የንብረት ዋጋውን፣ ማለትም ውስጡ ያለው ንብረት ለአንድ ድርሻ ሲሰላ የሚያወጣውን ዋጋ፣ አስተያዩ። አብዛኞቹ ባለፉት ወራት በስንት ቀን በስንት በመቶ እንደራቁ ያሳያሉ። አክሲዮን የያዘ ትልቅ የአሜሪካ ፈንድ ከሆነ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ውስጡ ያለው ንብረት በዚያ ሰዓት በተዘጋ ገበያ የሚሸጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ የጃፓን አክሲዮን በኒው ዮርክ ቀን፣ ልዩነት ቢያዩ አይደንግጡ፤ የተጣራው ዋጋ የተሰላው ቶኪዮ ሲዘጋ በነበረው ነው፣ ኢቲኤፉ ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ወሬ ጨምሮ ይገበያያል።

ሰዓቱም ይጠና። የኒው ዮርክ ገበያ በ9፡30 ጠዋት ሲከፈት፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጡ ያሉት አክሲዮኖች ሁሉ ገና መገበያየት አልጀመሩ ይሆናል። ነጋዴው የጥቅሉን ዋጋ በእርግጠኝነት ማስላት ካልቻለ የሚገዛበትንና የሚሸጥበትን ዋጋ ያራርቀዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2015 ጠዋት ገበያው ሲከፈት ብዙ አክሲዮኖች ታግደው ስለነበር፣ አንዳንድ ኢቲኤፎች ውስጣቸው ካለው ንብረት በጣም ርቀው በሲሶ ያህል ወደቁ፤ ያን ጠዋት «በተገኘው ዋጋ ሽጡልኝ» ብለው ትእዛዝ የሰጡ ሰዎች በዚያ ዋጋ ተሸጠባቸው። ከሰዓታት በኋላ አብዛኞቹ ዋጋዎች ተመልሰዋል። የአክስቴ ልጅ አሁን የሚገዛው ገበያው ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት በኋላ፣ የሚከፍለውን ከፍተኛ ዋጋ ራሱ ጽፎ ነው።