ፒን እና ሮለር ያለው ቢም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የሳፖርቱን ሪአክሽን ቀስት ወደ ላይ ስዬ መልሱ ኔጌቲቭ ወጣ። ዳያግራሜ ተሳስቷል ማለት ነው?»

በፍጹም! ጅማ ውስጥ ስታቲክስ ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ያልሰማሁበት ሴሚስተር የለም። ትክክለኛ ሥራ በላጲስ ሲጠፋ ማየት ሰልችቶኛል።

በቀደም አንዲት ተማሪ ይዛ የመጣችው ቢም 6 ሜትር ይረዝማል። ግራ ጫፉ A ላይ ፒን፣ ከዚያ 4 ሜትር ርቆ B ላይ ሮለር አለው። የቀረው 2 ሜትር ከሮለሩ አልፎ ወጥቷል። ጫፉን 12 ኪሎ ኒውተን ወደ ታች ይጫነዋል። የቢሙ ክብደት አይቆጠርም።

አሳሳሏ ልክ ነበር። ቢሙን ለብቻው ሳለች። ፒኑን አንስታ በቦታው የሪአክሽን ኃይሎቹን Ax እና Ay፣ ሮለሩን አንስታ By አስቀመጠች። Axን ወደ ቀኝ፣ ሁለቱን ወደ ላይ አደረገቻቸው። ከዚያ A ላይ ሞመንት ወሰደች፦

```
4·By − 12·6 = 0      By = 18
Ay + 18 − 12 = 0     Ay = −6
```

እዚህ ጋ ደነገጠች። የAyን ቀስት ወደ ታች አዞረችና −6ን እንዳለ ተወችው። የተሳሳተችው ገና አሁን ነው። ወደ ታች በሚያይ ቀስት ላይ −6 ማለት ወደ ላይ 6 ማለት ነዋ! ሺር ዳያግራሟም ጫፉ ላይ ዜሮ መግባት ሲገባው 12 ላይ ቀረ። ወይ ቀስቱንም ምልክቱንም አትንኩ፣ ወይ ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ።

ማይነሱ የሚነግራችሁ ፒኑ ቢሙን ወደ ታች እየያዘው መሆኑን ነው። ካላመናችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ አምጡ። 20 ላይ ከሥሩ እርሳስ አስገቡበት፣ ዜሮውን በአንድ ጣት ያዙ፣ 30ውን በሌላው ተጫኑ። ዜሮው ጋ ያለው ጣታችሁ ወደ ታች ካልገፋ ማስመሪያው ብድግ ይላል። Ay ማለት ያ ጣት ነው።

«አግድም ጭነት ከሌለ Ax አይሳልም።»

ሳሉት። ዜሮ መሆኑን እኩልታው ይናገር። ጭነቱ ዘመም ያለ ቀን የሚረሳው እሱ ነው።

«የሮለር ሪአክሽን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው።»

ሮለሩ ለሚንከባለልበት ወለል ቀጤ ነክ ነው። ወለሉ ካዘመመ ቀስቱም ያዘማል።

«ፒኑና ሮለሩ ቢቀያየሩ ለውጥ የለውም።»

በዚህ ቢም ላይ ቁጥሮቹ አይለወጡም፤ A ላይ አሁንም −6 ይወጣል። ግን A ላይ ያለው አሁን ሮለር ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሮለር ይገፋል እንጂ ወደ ታች አይጎትትም። ከላይ የሚይዘው ነገር ከሌለ ቢሙ ከሮለሩ ይነሳል፤ B ላይ ያለው ፒንም ስለማይዘው ዞሮ ይገለበጣል። ስለዚህ ሮለር ላይ ማይነስ ስታዩ ላጲሱን ትታችሁ ሳፖርቱ እንዴት እንደታሰረ ተመልከቱ።